በቦታ፣ በብርሃን ወይስ በተዋናይ? የቀረጻ መርሐ ግብር ለማውጣት የሚረዳ ንጽጽር፣ በጅማ የአራት ቀን ቀረጻ ምሳሌ

የፊልም ጽሑፍ የሚነበበው ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ነው፤ የሚቀረጸው ግን በዚያ ቅደም ተከተል አይደለም። አንድ ቤት በትዕይንት 1 ታይቶ በትዕይንት 12 እንደገና የሚታይ ከሆነ፣ ለሁለቱ ሁለት ጊዜ መብራት መትከልና ሁለት ጊዜ ኪራይ መክፈል አይገባም። ስለዚህ ትዕይንቶቹ መቧደን አለባቸው፤ አስቸጋሪው ጥያቄ ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው መስፈርት ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ ረዳት ዳይሬክተር ቦታን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ካሜራማኑን ሰምቶ ብርሃንን ያስቀድማል፣ ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውድ የሆነው ተዋናይ ቀናት እንዲቀነሱ ይፈልጋል። ሦስቱም ምክንያት አላቸው። ልዩነታቸው ግልጽ የሚሆነው በአንድ ጽሑፍ ላይ በቁጥር ሲነጻጸሩ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች አንድ አጭር ፊልም ይዘን ሦስቱንም፣ በመጨረሻም አራተኛ ድብልቅ አማራጭ እንሞክራለን።

የምንለካባቸው ነገሮች

መርሐ ግብሩ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ትዕይንት መለካት አለበት። በሙያው የተለመደው መለኪያ የጽሑፉን አንድ ገጽ በስምንት ከፍሎ፣ የትዕይንቱን ርዝመት በስምንተኛ መቁጠር ነው። ግማሽ ገጽ 4 ስምንተኛ ይሆናል፣ አንድ ገጽ ተኩል ደግሞ 12 ስምንተኛ። አንድ አነስተኛ ቡድን በቀን 4 ገጽ፣ ማለትም 32 ስምንተኛ፣ እንደሚቀርጽ አድርገን እንነሳ። ንግግር የሚበዛበትና ካሜራው የማይንቀሳቀስበት ትዕይንት ከዚህ ሊፈጥን፣ ሕዝብ ያለበት የደጅ ትዕይንት ደግሞ ሊዘገይ እንደሚችል አይዘነጋ።

ከዚያ በኋላ አንድን መርሐ ግብር ከሌላው የምናወዳድረው በአምስት ነገር ነው። እነሱም ቡድኑ በቀን መሐል ዕቃውን ጭኖ ስንት ጊዜ ቦታ እንደሚቀይር፣ ከሩቅ የሚመጣው ተዋናይ ስንት ቀን እንደሚከፈለው፣ የተከራየነው ቤት ስንት ቀን እንደሚያዝ፣ ከባዱ ቀን ስንት ስምንተኛ እንደሚሸከም፣ እንዲሁም ገንዘብ ለማይገዛው ብርሃን ሁለተኛ ዕድል መኖር አለመኖሩ ናቸው። ብዙ ጀማሪዎች የመጨረሻውን ይረሱታል። እኔ ግን አንድ መርሐ ግብር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምመለከተው እሱን ነው፤ ሌሎቹ አራቱ ሲበላሹ ወጪ ይጨምራሉ፣ ይህ ሲበላሽ ግን ትዕይንቱ ራሱ ይጠፋል።

ምሳሌው

ጽሑፉ 16 ገጽ፣ 12 ትዕይንት ነው። ቀረጻው በኅዳር አጋማሽ፣ ከሐሙስ እስከ እሁድ ለአራት ቀን ይካሄዳል። ቤቱ ጅሬን ውስጥ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ነው። የቡና ማሳው በሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ላይ ነው፤ መጋዘኑና መናኸሪያው ከተማው ውስጥ ናቸው። ሰዎቹ ሦስት ናቸው፦ ልጅቱ፣ አባቷና ነጋዴው።

| ትዕይንት | ቦታ | ጊዜ | ተዋንያን | ስምንተኛ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | ቤት፣ ውስጥ | ቀን | ልጅ፣ አባት | 12 |
| 2 | ማሳ | ማለዳ | ልጅ፣ አባት | 8 |
| 3 | መጋዘን፣ ውስጥ | ቀን | ልጅ፣ ነጋዴ | 16 |
| 4 | ቤት፣ ደጅ | ጀምበር ስትጠልቅ | ልጅ፣ አባት | 6 |
| 5 | ቤት፣ ውስጥ | ሌሊት | ልጅ፣ አባት | 18 |
| 6 | ማሳ | ቀን | ልጅ፣ አባት፣ ነጋዴ | 14 |
| 7 | መናኸሪያ | ቀን | ልጅ | 8 |
| 8 | መጋዘን፣ ውስጥ | ቀን | ልጅ፣ ነጋዴ | 12 |
| 9 | ቤት፣ ውስጥ | ቀን | ልጅ፣ ነጋዴ | 10 |
| 10 | መጋዘን፣ ደጅ | ቀን | አባት፣ ነጋዴ | 8 |
| 11 | ማሳ | ማለዳ | ልጅ | 4 |
| 12 | ቤት፣ ውስጥ | ሌሊት | ልጅ፣ አባት | 12 |

ድምሩ 128 ስምንተኛ ነው። አባትን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ከአዲስ አበባ ረቡዕ ማታ ገብተው እሁድ ጠዋት ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የሚሠሩት ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው። ነጋዴውን የሚጫወተው የጅማ መምህር ሲሆን፣ በሥራ ቀን ከ9 ሰዓት በፊት አይገኝም፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ሙሉ ቀን ነጻ ነው። ልጅቱ ሁልጊዜ አለች።

ስለ ብርሃኑም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በኅዳር አጋማሽ ጅማ ላይ ፀሐይ ከንጋቱ 12:30 ገደማ ትወጣና ከምሽቱ 12:10 ገደማ ትገባለች። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ሽቅብ የምትወጣውና ቁልቁል የምትገባው ቀጥ ብላ ነው፤ በሰሜን አገሮች እንደሚታየው በአድማሱ ላይ አግድም ስትንፏቀቅ አትቆይም። ስለዚህ ፊትን ከጎን የሚመታው ዘመም ያለ ሞቃት ብርሃን የሚቆየው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሾት ከተቀረጸ ጥሩ ሥራ ነው፤ ሁለት የማለዳ ትዕይንት በአንድ ማለዳ መጨረስ ግን አይታሰብም።

አማራጭ አንድ፦ ቦታን ማስቀደም

በዚህ ዘዴ ሐሙስ ቤቱ ውስጥ 1፣ 5 እና 4 ይቀረጻሉ። ዓርብ 7 መናኸሪያ ላይ ካለቀ በኋላ እዚያው ቤት 12 እና 9 ይሠራሉ። ቅዳሜ ማሳው ላይ 2፣ 11 እና 6፣ እሁድ ደግሞ መጋዘን 3፣ 8 እና 10 ይከተላሉ። የቦታ ለውጡ አንድ ብቻ ነው፣ ቤቱም የሚያዘው ለሁለት ቀን ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም የተሻለ ይመስላል።

ሁለቱ የሌሊት ትዕይንቶች በቀን መቀረጻቸው ሊያስገርም ይችላል። የውስጥ ሌሊት ጥቁር ጨርቅ በመስኮቱና በበሩ ላይ ከውጭ በኩል በመወጠር በቀን ሊቀረጽ ይችላል። ጨርቁ ሁለት ድርብ መሆን ይኖርበታል፤ የበሩ ስንጥቅም በወረቀት ቴፕ መደፈን አለበት። የፀሐይ ጭረት መግባት አለመግባቱን ለማወቅ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ ዓይን እስኪለምድ ሁለት ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ መቆም ይበቃል። ይህ ዘዴ ተዋናዮቹን ከሌሊት ሥራ ስለሚያድናቸው ማግስቱን ማለዳ መነሳት ያስችላል፤ ደጅ የሚታይበት መስኮት በካሜራው ውስጥ ካለ ግን አይሠራም።

ሆኖም አማራጩ ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። ትዕይንት 10 እሁድ ላይ ወድቋል፣ አባት ግን እሁድ የሉም። ሁለቱ የማለዳ ትዕይንቶችም በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ተደራርበዋል፤ ያ ማለዳ ጉም ከዋለበት ሌላ ማለዳ የለም። ቦታን ብቻ የሚያይ ሰው ማሳውን እንደ አንድ ቦታ ይቆጥረዋል፤ ማሳው ግን ንጋት ላይና በ4 ሰዓት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው።

አማራጭ ሁለት፦ ብርሃንን ማስቀደም

እዚህ እያንዳንዱ ትዕይንት የሚቀረጸው ብርሃኑ ከሁሉም በሚያምርበት ሰዓት ነው። ሐሙስ 2 በማለዳ ማሳ ላይ፣ ከዚያ ቤት 1፣ አመሻሽ ላይ 4። ዓርብ 11 ማሳ ላይ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ 8 መጋዘን ውስጥ፣ ማታ 5 በእውነተኛ ሌሊት። ቅዳሜ ጠዋት 10 መጋዘኑ ደጅ፣ ከሰዓት 6 ማሳው ላይ፣ ማታ 12 ቤት። እሁድ ጎህ ሲቀድ 7 መናኸሪያ፣ ከዚያ 3 መጋዘን፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ 9። የሁሉም ተዋናይ ቀን ይጠበቃል፤ ምስሉም የሚያምር ይሆናል።

ዋጋው ሰባት የቦታ ለውጥ ነው። ለውጡን በመኪና ጉዞ ብቻ የሚቆጥሩ ሰዎች ከማሳው ከተማ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው ብለው ያቃልሉታል። በእርግጥ ግን ገመድ መጠቅለል፣ መብራት ማቀዝቀዝ፣ መጫን፣ መውረድ፣ እንደገና መትከልና ተዋንያንን እንደገና ማሰናዳት ስላለ አንድ ለውጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች አያልቅም። ሰባቱ ሲደመሩ ከአንድ ሙሉ የቀረጻ ቀን አይተናነሱም። ቤቱም ለአራት ቀን ይያዛል። በዚያ ላይ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራ የጨረሰ ቡድን እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት አለበት፤ ስምንት ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ ውስጥ ጉዞና እራት ሲቀነስ የሚተኛው አምስት ሰዓት ነው። በእንዲህ ያለ እሁድ የሚሳሳተው ተዋናዩ ሳይሆን ትኩረት የሚያስተካክለው የካሜራ ረዳት ነው፤ ስህተቱም የሚታየው ኤዲቲንግ ላይ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ተዋናይን ማስቀደም

የአባት ሰባት ትዕይንቶች ተደምረው 78 ስምንተኛ ናቸው። በሁለት ቀን ከተጠቀጠቁ የአንድ ቀን ክፍያና አንድ የሆቴል አዳር ይቀራል። ዓርብ ቤት ውስጥ 1፣ 5 እና 4፤ ቅዳሜ በማለዳ 2፣ ቀጥሎ 6፣ ከዚያ መጋዘን 10፣ ማታ ቤት 12። ሐሙስ ያለ አባት 11፣ 7 እና 9፣ እሁድ ደግሞ 3 እና 8 ይሠራሉ።

የቅዳሜው ሸክም 42 ስምንተኛ፣ ሦስት ቦታና ሁለት ለውጥ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ ቡድን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት አይገባም። ከዚህ የከፋው ግን ትዕይንት 2 የአባት የመጨረሻ ቀን ማለዳ ላይ መዋሉ ነው፤ ያ ማለዳ ከጨለመ ትዕይንቱ ወይ ይቀራል፣ ወይ ተዋናዩ እሁድን እንዲቆዩ ይለመናሉ። የቆጠብነው የቀን ክፍያ በዚያው ይመለሳል። የታሪኩ መጨረሻ የሆነው 12 ደግሞ አንጋፋው ተዋናይ ከ14 ሰዓት ሥራ በኋላ የሚጫወቱት ይሆናል፤ ይህ ለሰውየውም ለፊልሙም አይገባም።

አማራጭ አራት፦ ቦታን ይዞ ሦስት ትዕይንት ማንቀሳቀስ

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አማራጭ አንድን መሠረት አድርጎ፣ የተሰበረበትን ቦታ ብቻ መጠገን። እያንዳንዱ ትዕይንት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የሚነቀሉት ወረቀቶች ሦስት ብቻ ናቸው። በተለመደው አሠራር የቀን ውስጥ ነጭ፣ የቀን ደጅ ቢጫ፣ የሌሊት ውስጥ ሰማያዊ፣ የሌሊት ደጅ አረንጓዴ ወረቀት ይሆናል፤ ቀለሙ አንድ ቀን በደጅ ትዕይንት ብቻ ተሞልቶ ለዝናብ መጋለጡን ከሩቅ ያሳያል።

የመጀመሪያው ወረቀት 10 ነው። አባትና ነጋዴ አብረው ሙሉ ቀን የሚገኙት ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ፣ 10 ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ይሄዳል። ሁለተኛው 2 ነው። አባት ያሉበት የማለዳ ትዕይንት ሁለተኛ ዕድል ስለሚያስፈልገው ወደ ዓርብ ማለዳ ይመጣል፤ ካልተሳካ ቅዳሜ ማለዳ አለ። ትዕይንት 11 ግን ልጅቱ ብቻዋን ያለችበት ስለሆነ ቅዳሜ ይቆያል፤ እሱም ካልተሳካ እሁድ አለ። ሦስተኛው 7 ነው፤ ዓርብ ላይ ለ2 ቦታ ለመልቀቅ ወደ እሁድ ይዛወራል። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ይህን ይመስላል፦ ሐሙስ 1፣ 5፣ 4፤ ዓርብ 2፣ 12፣ 9፤ ቅዳሜ 11፣ 6፣ 10፤ እሁድ 3፣ 8፣ 7።

ሐሙስ 36 ስምንተኛ ስለሆነ ከባድ ነው፣ ነገር ግን ሁሉም አንድ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት 2:30 ላይ 1 በመስኮቱ ብርሃን ይጀመራል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥቁሩ ጨርቅ ይወጠርና 5 እስከ 10 ሰዓት ይቀረጻል። ከ10:30 ጀምሮ ደጁ ላይ የ4 እንቅስቃሴ ያለ ካሜራ ይለማመዳል፤ ከ11:25 በኋላ ልምምድ የለም፣ ቀረጻ ብቻ ነው። ደመና ከሸፈነው፣ ዓርብ ማታም እዚያው ቤት ስላለን 4 ያለ ተጨማሪ ኪራይ ይደገማል። ጀምበሯን በቤቱ የመጀመሪያ ቀን ላይ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው።

ዓርብ 30 ስምንተኛ ብቻ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ከማሳው ተመልሶ ዕቃ እስኪተከል ረፋድ ይሆናል፤ በጅማ ደግሞ የጁምዓ ሰዓት መከበር አለበት። ከቡድኑ አባላት ብዙዎቹ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፤ የሚቀሩትም ቢሆኑ ድምፅ መቅዳት አይችሉም። ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ምሳና እረፍት ማድረግ ነው የሚሻለው። ከዚያ 12 በጥቁር ጨርቅ ይጀመራል፤ ነጋዴው 9 ሰዓት ላይ ሲደርስ አልባሳትና ሜክአፕ ሲያሰናዱት 12 ያልቃል፣ ጨርቁ ይነሳል፣ የ10 ሰዓት የመስኮት ብርሃን ለትዕይንት 9 ይሆናል። እዚህ ጋ ያለው ክፍተት ጠባብ መሆኑን አልደብቅም፤ 12 ከዘገየ 9 በመብራት እንዲሠራ አንድ መብራት መስኮቱ ውጭ ተተክሎ መጠበቅ አለበት።

ቅዳሜ ላይ ከብርሃንና ከሰው ሌላ ሦስተኛ ጉዳይ አለ፤ እሱም ቡናው ራሱ ነው። ኅዳር የለቀማ ወቅት ስለሆነ ዓርብ በቀይ ፍሬ የተሞላ ተክል ቅዳሜ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በ2 ላይ ፍሬ ካለ በ6 ላይም መኖር ስላለበት፣ የማሳው ባለቤት ሁለት ረድፍ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን እንዳይለቀም እንዲያቆዩ አስቀድሞ መለመንና መካስ ያስፈልጋል። የጅማ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅል በመሆኑም ረፋድ ላይ ብርሃኑ በቅጠል መሐል ተበጣጥሶ ፊት ላይ ይወርዳል፤ ለ6 ከተዋንያን በላይ የሚወጠር ነጭ ስስ ጨርቅ መያዝ ይበጃል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መስፈርት | ቦታ | ብርሃን | ተዋናይ | ድብልቅ |
|---|---|---|---|---|
| የቦታ ለውጥ | 1 | 7 | 4 | 3 |
| የአባት ቀናት | 4 (አይገኙም) | 3 | 2 | 3 |
| የቤቱ ቀናት | 2 | 4 | 3 | 2 |
| ከባዱ ቀን በስምንተኛ | 36 | 34 | 42 | 36 |
| ለማለዳው ሁለተኛ ዕድል | የለም | አለ | ለ2 የለም | አለ |
| ለጀምበሯ ሁለተኛ ዕድል | አለ | አለ | አለ | አለ |

ለማን የቱ ይሻላል?

ተዋንያኑ ሁሉ የከተማው ነዋሪዎች ሆነው በማንኛውም ቀን የሚገኙ ከሆነ፣ ጽሑፉም አብዛኛው የውስጥ ከሆነ፣ አማራጭ አንድ ይበቃል። መኪና በቀን የሚከራይና ነዳጅ የሚቆጥር ቡድን ከዚህ ባይወጣ ይመረጣል። የተማሪ ፊልምም እንዲሁ ነው፤ ግን የማለዳ ትዕይንት ካለው ቢያንስ እሱን ከመጨረሻው ቀን ማራቅ አለበት።

ብርሃንን ማስቀደም የሚያዋጣው ዕቃው በሁለት ሻንጣ የሚያልቅ፣ መብራት የማይተክልና ከአራት ሰው የማይበልጥ ቡድን ሲሆን ነው። ለእንዲህ ያለ ቡድን የቦታ ለውጥ ባጃጅ ጠርቶ መሄድ ብቻ ስለሆነ ሰባቱ ለውጥ አይጎዳውም። የሙዚቃ ክሊፕና አጭር ዘጋቢ ፊልም ብዙ ጊዜ እዚህ ይመደባሉ።

ተዋናይን ማስቀደም ትክክል የሚሆነው የአንድ ቀን ክፍያው ከመኪና፣ ከቤትና ከምግብ ድምር ሲበልጥ፣ ወይም ሰውየው በእርግጥ ሁለት ቀን ብቻ ሲኖራቸው ነው። እንዲህ ከሆነ መርሐ ግብሩን ከመጠቅጠቅ በፊት ጸሐፊውን ማነጋገር ይሻላል፤ ትዕይንት 10 በመጋዘኑ ደጅ ፈንታ ማሳው ላይ ቢሆን ታሪኩ ካልተጎዳ፣ ከቅዳሜው ላይ አንድ የቦታ ለውጥ ይወርዳል።

ድብልቁን የመረጠ ቡድን ለቅዳሜ ዝናብ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ በኅዳርም ቢሆን ጅማ ዝናብ አይጠፋትም። ንጋት ላይ ከዘነበ ወደ ማሳው አይኬድም፤ በቀጥታ መጋዘን ተገብቶ 10 በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከዚያ 8 ውስጥ ይቀረጻል፤ ሁለቱንም የሚጫወቱት ሰዎች ቅዳሜ አሉ። ከሰዓት ሲያባራ 6 ማሳው ላይ ይሠራል፣ 11 ለእሁድ ማለዳ ይተላለፋል፣ እሁድ 3 እና 7 ይከተሉታል። ሸክሙም ቅዳሜ 34፣ እሁድ 28 ስምንተኛ ይሆናል። ይህ እንዲሆን ግን የመጋዘኑ ቁልፍ ከዓርብ ማታ ጀምሮ በፕሮዳክሽን ማናጀሩ እጅ መሆን፣ የማሳው ባለቤትም ያልተለቀሙትን ረድፎች እስከ ቅዳሜ ማታ ለማቆየት መስማማት አለባቸው።